የከፈሉበትን ትዕዛዝ ሻጩ ምክንያት ሳይሰጥ ሲሰርዘው ለኦንላይን ገበያው አቤቱታ እንዴት ይጻፋል?

ዕቃውን መርጠው ከፍለዋል፣ «ክፍያዎ ደርሶናል» የሚል መልእክትም መጥቶልዎታል። በሦስተኛው ቀን መተግበሪያውን ሲከፍቱት ግን «ተሰርዟል» ይላል። ከዚህ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም፤ ሻጩም ስልክ አያነሳም። በዚህ ሰዓት ብዙ ሰው ለመድረኩ፣ ማለትም ለኦንላይን ገበያው፣ የሚልከው «ሌቦች ናችሁ፣ ብሬን መልሱ» ዓይነት አንድ መስመር ነው። ንዴቱ ይገባል፤ ግን መልእክቱን ያነበበው ሠራተኛ የትኛው ትዕዛዝ እንደሆነ፣ በምን እንደተከፈለና ስንት ብር እንደሆነ መልሶ መጠየቁ አይቀርም፤ በዚህ ምልልስ ብቻ ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል።

አቤቱታውን የሚከፍተው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋል፦ ገንዘቡ አሁን የት ነው ያለው? ትዕዛዙን የሰረዘው ማን ነው፣ ምን ምክንያትስ ተመዝግቧል? ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የገንዘቡን ጥያቄ የሚፈታው ሒሳብ ክፍል ሲሆን የስረዛውን የሚያየው ደግሞ ሻጮችን የሚከታተለው ክፍል ነው። አቤቱታ ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ሲጻፉ ብዙውን ጊዜ አንዱ ይረሳል፤ የሚረሳውም የስረዛው ምክንያት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለቱን ለያይቶ ይሄዳል።

እንደ ምሳሌ አንድ ጉዳይ እንያዝ። ገዢዋ አዲስ አበባ ናት። ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንድ የኦንላይን ገበያ ላይ 6,450 ብር የሚሸጥ ብሌንደር አዘዘች፤ የማድረሻ 150 ብር ተጨምሮ 6,600 ብር ከንግድ ባንክ ሂሳቧ ለመድረኩ ከፈለች። ማክሰኞ ሚያዝያ 28 ቀን ጠዋት ትዕዛዙ ተሰረዘ።

ደረጃ 1፦ ከማማረርዎ በፊት ማስረጃውን ይሰብስቡ

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ሻጩ አቤቱታ እንደቀረበበት ከሰማ በኋላ የዕቃውን ገጽ ሊያነሳው ወይም ዋጋውን ሊለውጠው ይችላል። ንግግራችሁ በቴሌግራም ከነበረም የባሰ ነገር አለ፦ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ የቴሌግራም ንግግርን አንዱ ወገን ብቻውን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ለሻጩ «እከስሃለሁ» ብለው ከመጻፍዎ በፊት ስክሪንሹቱን ያንሱ።

የሚያስፈልጉት አምስት ምስሎች ናቸው። አንደኛው የትዕዛዙ ዝርዝር ገጽ ነው፤ የትዕዛዝ ቁጥሩ፣ የዕቃው ስም፣ ዋጋውና «ተሰርዟል» የሚለው ቃል በአንድ ምስል ላይ አብረው ይታዩ። ሁለተኛው ክፍያው መድረሱን መድረኩ ያረጋገጠበት መልእክት ነው። ሦስተኛው ከባንኩ ወይም ከቴሌብር የመጣው የጽሑፍ መልእክት፣ አራተኛው ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁት ነው። አምስተኛው የዕቃው ገጽ አሁን ያለበት ሁኔታ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋል። ዕቃው እዚያው ሻጭ ጋ በከፍተኛ ዋጋ ተመልሶ ወጥቶ ከሆነ ያ አንድ ምስል ከአንድ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል። ምስሎቹን አይቁረጧቸው፤ ከላይ ያለው የስልኩ ሰዓት ይታይ። ተቆርጦ የመጣ ምስል «ሙሉውን ይላኩልን» የሚል ሌላ ምልልስ ይጎትታል።

ቀጥሎ ሁለቱን ቁጥሮች ይለዩ። የትዕዛዝ ቁጥርን የሚሰጠው መድረኩ ነው፤ የክፍያ መለያ ቁጥርን ደግሞ ባንኩ ወይም ቴሌብር። አንዱ በሌላው ቦታ ከተጻፈ ሠራተኛው ፈልጎ ያጣዋል፣ «በዚህ ቁጥር ምንም የለም» ብሎም ይመልሳል። የንግድ ባንክ መለያ ቁጥር FT ብሎ የሚጀምር ባለ 12 ፊደልና አኃዝ ነው። ከFT ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጆቹን ዓመት፣ ተከታዮቹ ሦስት አኃዞች ደግሞ ዕለቱ ከዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ያመለክታሉ። FT25123 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የ2025 123ኛ ቀን ማለት ነው፤ ይህም ሜይ 3፣ በእኛ ሚያዝያ 25 ላይ ይውላል። ይህን ካወቁ ብዙ መልእክት መካከል የተሳሳተውን ቁጥር ከመገልበጥ ይድናሉ።

ንግድ ባንክ በጽሑፍ መልእክቱ ግርጌ የሚልከውን የደረሰኝ ማገናኛ በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። ማገናኛው ውስጥ ከFT ቁጥሩ ጋር የሂሳብ ቁጥርዎ የመጨረሻ አኃዞች አሉበት፤ ያገኘው ሰውም ከፍቶ ስምዎንና ክፍያውን ማየት ይችላል። ለመድረኩ በግል መላክ ይቻላል፤ በፌስቡክ አስተያየት ወይም በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን አይለጥፉት።

ደረጃ 2፦ የከፈሉት ለማን እንደሆነ ያረጋግጡ

አቤቱታው የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ስለሆነ የጽሑፍ መልእክቱን ቀስ ብለው ያንብቡት። በቴሌብር የከፈሉ እንደሆነ ለነጋዴ የተከፈለ ክፍያ መልእክቱ ላይ `for goods purchased from` ይላል፤ ከዚያ የነጋዴው ቁጥርና የድርጅቱ ስም ይከተላል። ለግለሰብ የተላከ ብር ግን `transferred` ይልና የሰው ስምና የስልክ ቁጥር ያሳያል። በባንክ ከሆነም ያው ነው፤ ደረሰኙ ላይ የተቀባዩ ስም መድረኩ ነው ወይስ ሻጩ በግሉ?

ለመድረኩ ከፍለው ከሆነ ገንዘቡ በመድረኩ እጅ ስላለፈ «ከሻጩ ጋር ተነጋገሩ» ብሎ ሊሸኝዎት አይችልም። ሻጩ «የመተግበሪያው ክፍያ ይዘገያል፣ በእኔ ቁጥር ላኪው» ብሎ ውጭ አስከፍሎዎት ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ትዕዛዙ መድረኩ ላይ «ያልተከፈለ» ሆኖ ተመዝግቦ ሊሆንና ስርዓቱ ራሱ ጊዜው ሲያልፍ ሰርዞት ሊሆን ይችላል። ያኔ አቤቱታውን ይጻፉ፣ የሆነውንም እንደሆነው ይናገሩ፤ የሚጠይቁት ግን ተመላሽ ሳይሆን ሻጩ ከመድረኩ ውጭ እንዳስከፈለዎት እንዲጣራና እንዲታገድ ነው። ብሩን ለማስመለስ በዚያው ቀን ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ማመልከት፣ ማታለል ከሆነም ፖሊስ ጋ መሄድ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ቀሪ ክፍል ለመድረኩ የከፈለ ሰው የሚጠቀምበት ነው።

ደረጃ 3፦ ስረዛው በማን ስም እንደተመዘገበ ይመልከቱ

ሻጭ ትዕዛዝ ሲሰርዝ ስርዓቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተዘጋጀ ዝርዝር ምክንያት እንዲመርጥ ያደርገዋል፦ ዕቃው አልቋል፣ አድራሻው ችግር አለበት፣ ገዢው እንዲሰረዝ ጠይቋል። ለገዢው ምንም ምክንያት ባይታየውም በመድረኩ መዝገብ ላይ አንድ ነገር ተመርጦ ሊሆን ይችላል። ምርጫው ለሻጩ ለውጥ አለው። ኢቤይን ብንወስድ ሻጩ ዕቃ አልቆብኛል ብሎ ከሰረዘ ጥፋቱ በእሱ ላይ ይቆጠራል፤ ገዢው ጠይቆኛል ካለ ግን አይቆጠርበትም። አማዞንም ራሳቸው ዕቃ የሚልኩ ሻጮች ከመላካቸው በፊት የሚሰርዙት ትዕዛዝ ከ2.5 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። እንዲህ ዓይነት ቁጥጥር ባለበት ቦታ ሁሉ «ገዢው ነው የጠየቀው» ማለት ለሻጩ ምቹ ማምለጫ ነው።

ስለዚህ መልእክትዎ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ግድ ነው፦ «ትዕዛዙን እኔ አልሰረዝኩም፣ እንዲሰረዝም አልጠየቅኩም።» ይህ ካልተጻፈ ሠራተኛው መዝገቡ ላይ «በገዢው ጥያቄ» የሚለውን አይቶ ፋይሉን በቅን ልቦና ሊዘጋው ይችላል።

ሻጩ ደውሎ ወይም ጽፎ «ለሲስተሙ ነው፣ አንቺ ሰርዢው፣ እኔ ብሩን እልክልሻለሁ» የሚልበት ጊዜም አለ። አይሰርዙት። አንዴ ከተጫኑት መዝገቡ እውነተኛ ሆኖ በእርስዎ ስም ይቀመጣል፣ ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገርም መጻፍ አይችሉም።

ደረጃ 4፦ ተመላሹ መጥቶ እንደሆነ ያጣሩ፣ ቀኑንም በትክክል ይቁጠሩ

ከባንክ ሂሳብዎ በተጨማሪ መተግበሪያው ውስጥ ያለውን ዋሌት ይክፈቱ። አንዳንድ መድረክ ተመላሹን ወደ ተከፈለበት ሂሳብ ሳይሆን ወደራሱ ዋሌት ያስገባል፤ ገዢው ግን ባንኩን ብቻ እያየ ይጠብቃል። «ምንም አልተመለሰልኝም» ብለው ጽፈው ብሩ ዋሌት ውስጥ ከተገኘ የተቀረው አቤቱታዎም ክብደቱን ያጣል። ተመልሶ ከሆነም መጠኑን ያመሳክሩ፤ የዕቃው ዋጋ መጥቶ የማድረሻው ብር ብቻውን የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የቀን አቆጣጠሩ ሁለት ወጥመድ አለበት። የመጀመሪያው የሥራ ቀን ነው። በምሳሌያችን ቅዳሜ ታዞ ማክሰኞ ተሰረዘ፤ በመካከሉ እሑድ አለ፣ ሰኞ ሚያዝያ 27 ደግሞ የአርበኞች በዓል ነበር። «ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አሉኝ» ብላ ብትጽፍ መድረኩ ሁለቱ ቀናት ዝግ ነበሩ ብሎ ያልፋታል። የምትቆጥረው ከስረዛው በኋላ ያሉትን የሥራ ቀናት ነው፦ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። የተመላሽ ጊዜ በመድረኩ ደንብ ላይ ተጽፎ ካለ በዚያው ይሂዱ፤ ከሌለ ሦስት የሥራ ቀን ጠብቆ መጻፍ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው የሰዓትና የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። የቴሌብር መልእክት 03/05/2025 15:20 ብሎ ሲጽፍ ቀኑ ይቀድማል፤ ሜይ 3 እንጂ ማርች 5 አይደለም። 15:20 ማለትም ከቀኑ 9፡20 ነው። ገዢው «9፡20 ላይ ከፈልኩ» ሲል ሠራተኛው በሲስተሙ ላይ 09:20ን፣ ማለትም ከጠዋቱ 3፡20ን ይፈልጋል፤ በዚያ ሰዓት የተከፈለ ነገር ስለማያገኝም «አልደረሰንም» ይላል። ሁለቱንም አድርገው ይጻፉ፤ ከአንድ መስመር አይበልጥም።

ደረጃ 5፦ መልእክቱን ይጻፉ

ርዕሱ ላይ የትዕዛዝ ቁጥሩ ይግባ። አካሉ አራት አጭር አንቀጽ ይበቃዋል፦ ምን እንደከፈሉ፣ ምን እንደሆነ፣ አሁን ነገሩ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚጠይቁ። የምሳሌያችን ገዢ ዓርብ ግንቦት 1 ቀን የምትልከው መልእክት ይህን ይመስላል፦

> ጉዳዩ፦ ሻጩ ምክንያት ሳይሰጥ ስለሰረዘው የተከፈለበት ትዕዛዝ ቁጥር ________
>
> ጤና ይስጥልኝ፣
>
> ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ሜይ 3 ቀን 2025፣ ከቀኑ 9፡20 ወይም 15:20 ላይ በመተግበሪያችሁ አንድ ብሌንደር አዝዣለሁ። የዕቃውን 6,450 ብር እና የማድረሻ 150 ብር፣ በድምሩ 6,600 ብር ከንግድ ባንክ ሂሳቤ ለድርጅታችሁ ከፍያለሁ። የክፍያው መለያ ቁጥር FT25123_____ ነው። ክፍያው መድረሱን በዚያው ዕለት በመልእክት አረጋግጣችሁልኛል።
>
> ማክሰኞ ሚያዝያ 28 ቀን ከጠዋቱ 4፡05 ወይም 10:05 ላይ ትዕዛዙ «ተሰርዟል» ወደሚል ተቀይሯል። ምክንያት አልተጻፈም። ትዕዛዙን እኔ አልሰረዝኩም፣ እንዲሰረዝም አልጠየቅኩም። በዚያው ዕለት ምክንያቱን ሻጩን በመተግበሪያው ጠይቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ሚያዝያ 29 ቀን ሻጩ ያንኑ ብሌንደር በ7,900 ብር ለሽያጭ ማቅረቡን አይቻለሁ።
>
> ይህን እስከጻፍኩበት ዓርብ ግንቦት 1 ቀን ከቀኑ 8፡00 ድረስ ገንዘቡ ወደ ባንክ ሂሳቤም ሆነ መተግበሪያው ውስጥ ወዳለው ዋሌቴ አልተመለሰም።
>
> የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦
>
> 1. 6,600 ብሩ ሙሉ በሙሉ ወደከፈልኩበት የንግድ ባንክ ሂሳብ እስከ ዓርብ ግንቦት 8 ቀን እንዲመለስልኝና የተመላሹ መለያ ቁጥር እንዲላክልኝ፤
> 2. ትዕዛዙ በማን እና በምን ምክንያት እንደተሰረዘ መዝገባችሁ የሚያሳየው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ። በእኔ ጥያቄ እንደተሰረዘ ተመዝግቦ ከሆነ እንዲታረም እጠይቃለሁ።
>
> የትዕዛዙን ገጽ፣ የክፍያ ማረጋገጫችሁን፣ የባንኩን መልእክት፣ ለሻጩ የጻፍኩትን እና የአዲሱን ዋጋ ገጽ፣ በድምሩ 5 ምስል አያይዣለሁ። የቅሬታ ቁጥር እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር፣
> ሙሉ ስም
> በመተግበሪያው የተመዘገበ ስልክ ቁጥር

መልእክቱ ሻጩን ሌባ አይለውም፤ ዋጋ ለመጨመር ብሎ ነው የሰረዘውም አይልም። 6,450 እና 7,900 የሚሉት ቁጥሮች አንዱ ከሌላው በታች ቆመው ያንን ይናገራሉ። ግምት ሲጻፍ መድረኩ የሚመልሰው ለግምቱ ነው፤ «ሻጩ ሆን ብሎ ስለመሆኑ ማረጋገጥ አልቻልንም» ይሉና ተመላሹ ሳይነሳ ይቀራል። የታየ ነገር ሲጻፍ ግን የሚክዱት አይኖርም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ይህ ዓይነቱ ስረዛ ለሠራተኞቹም እንግዳ አይደለም፤ ሳይነገራቸው ይገባቸዋል።

የተመላሹ ቀን «ባስቸኳይ» አይልም፣ ዓርብ ግንቦት 8 ይላል። ከመልእክቱ በኋላ አምስት የሥራ ቀን ነው። «ባስቸኳይ» መቼ እንዳለፈ ማንም ማረጋገጥ አይችልም፤ ግንቦት 8 ግን ቅዳሜ ጠዋት ላይ አልፏል። ወደየትኛው ሂሳብ እንደሚመለስም ተጠቅሷል፤ ካልተጠቀሰ ወደ ዋሌት ሊገባ ይችላል።

ባንኩ ሲልኩ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ከ6,600 ብሩ ጋር አይደምሩት። ድምሩ ከመድረኩ መዝገብ ጋር ካልገጠመ ሠራተኛው ልዩነቱን ሲያጣራ ዋናው ገንዘብ አብሮ ይዘገያል። ከፈለጉ ሦስተኛ ነጥብ አድርገው ለብቻው ያንሱት።

ከሁለቱ አንድ እንዲያደርጉ ምርጫ መስጠት ደግሞ የሚመከረው ዕቃውን አሁንም ከፈለጉት ብቻ ነው፦ «በ6,450 ብር ታዝዞ የተከፈለበት ዕቃ እስከ ግንቦት 8 ይቅረብልኝ፣ ካልሆነ ገንዘቡ ይመለስ።» በልምድ ግን ይህ ነገሩን ወደ ሻጩ መልሶ ስለሚልከው ያዘገየዋል። ብሩን ይዞ ሌላ ቦታ መግዛት ይሻላል ባይ ነን።

ደረጃ 6፦ የት ይላካል?

ተመራጩ መንገድ ከመተግበሪያው ውስጥ፣ ከራሱ ከተሰረዘው ትዕዛዝ ገጽ ላይ ያለው የእገዛ ወይም የቅሬታ ቁልፍ ነው፤ ከዚያ የተላከ መልእክት ከትዕዛዙ ጋር ተያይዞ ይደርሳል። የጽሑፉ ቦታ ጠባብ ከሆነ ሁለተኛውን አንቀጽና ሁለቱን ጥያቄዎች ብቻ ያስገቡ፣ ሙሉውን በኢሜይል ይላኩ፣ ኢሜይሉ ላይም የቅሬታ ቁጥሩን ይጥቀሱ። በስልክ ከደወሉ የተነገረዎትን፣ ሰዓቱንና የሠራተኛውን ስም መዝግበው ወዲያው በጽሑፍ ይላኩት፦ «ዛሬ ከቀኑ 5፡10 ላይ በስልክ እንደተነገረኝ ተመላሹ እስከ ረቡዕ ይገባል።» የስልክ ንግግር ካልተጻፈ በሚቀጥለው ሰኞ የሚያስታውሰው የለም።

አንድ ጉዳይ አንድ ቅሬታ ይሁን። በየቀኑ አዲስ ቅሬታ መክፈት የሚያፋጥነው ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተለያዩ ሠራተኞች እጅ ይገባና አንዱ «ተደጋጋሚ» ብሎ የሌላውን ይዘጋዋል። የሚጨምሩት ነገር ካለ በመጀመሪያው መልእክት ስር መልስ አድርገው ይላኩት።

የቴሌግራም ድጋፍ ሲጠቀሙ ማገናኛውን ከመተግበሪያው ውስጥ ይክፈቱት እንጂ በስም ፈልገው አይግቡ። በመድረኩ ገጽ ላይ ቅሬታ የጻፈን ሰው ተከታትለው «ከድጋፍ ክፍል ነን» ብለው በግል የሚጽፉ አሉ። ተመላሽ ለማድረግ የሚያስፈልገው የትዕዛዝ ቁጥር፣ የክፍያ መለያና የሂሳብ ቁጥር ነው። ፒን ወይም በጽሑፍ መልእክት የመጣ የማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቅ ሰው ብር የሚመልስ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ለመልሱ መልስ መስጠት

«ተመላሽ ተደርጓል» ካሉ የተመላሹን መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና የገባበትን ሂሳብ ይጠይቁ። ቁጥሩን ይዘው ንግድ ባንክን በ951፣ ቴሌብርን በ127 ማጣራት ይቻላል። ቁጥር መስጠት ካልቻሉ «ተደርጓል» ያሉት ገና ሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው ማለት ነው።

«ሻጩን ያነጋግሩ» ካሉ መልሱ አጭር ይሁን፦ «ሻጩን ሚያዝያ 28 ቀን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም፤ ክፍያውን የተቀበለው የእናንተ ድርጅት ስለሆነ ተመላሹን የምጠይቀው ከእናንተ ነው።» ደረሰኙን እንደገና ያያይዙ።

«ዕቃው አልቆ ነው» ካሉ ምክንያት ተሰጥቷል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ በከፊል ተመልሷል። የ7,900 ብሩ ገጽ ምስል እጅዎ ላይ ካለ «ዕቃው በማግስቱ ለሽያጭ ቀርቧል፣ ከምክንያቱ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ይገለጽልኝ» ብለው ይላኩ። ከዚህ በላይ መሄድ ለገዢው የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው፤ ሻጩን መቅጣት የመድረኩ ጉዳይ ነው።

ኩፖን ወይም የዋሌት ብር ሊሰጡዎት ካሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የሚያበቃበት ቀን አለው ወይ? ወደ ባንክ ሊወጣ ይችላል ወይ? አንድ ጊዜ «እሺ» ካሉ በኋላ በጥሬው መልሱልኝ ማለት ይከብዳል። የማይፈልጉ ከሆነ «አመሰግናለሁ፣ የምጠይቀው ወደከፈልኩበት ሂሳብ እንዲመለስ ነው» ይበቃል።

ቀኑ ካለፈ

ግንቦት 8 አልፎ ምንም ካልመጣ በዚያው ሰንሰለት ስር አንድ ማስታወሻ ይላኩ፤ የቅሬታ ቁጥሩን፣ ያለፈውን ቀን፣ ሌላ ሦስት የሥራ ቀን፣ እስከዚያ ካልተመለሰ ለንግድ ቢሮ እንደሚያመለክቱ የሚገልጽ። ማስፈራሪያ አያስመስሉት፤ ሊያደርጉት የተዘጋጁትን ብቻ ይጻፉ።

ማመልከቻው የሚገባው የሸማቾች ጉዳይ ወደሚታይበት የንግድ ቢሮ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በክፍለ ከተማ ካለው የንግድ ጽሕፈት ቤት መጀመር ይቻላል። በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። «ስክሪንሹት ማስረጃ አይሆንም» የሚል ካጋጠመዎት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል። እንደዚያም ሆኖ ምስሎቹን አትሞ፣ በቀን ቅደም ተከተል አድርጎ፣ የመጀመሪያውን አቤቱታ ከላይ አስቀምጦ መሄድ ሥራውን ያቀለዋል። ደረጃ 5 ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ የማመልከቻው አካል ይሆናል፤ አድራሻውን ቀይሮ የመድረኩን መልስ አንድ አንቀጽ መጨመር ነው የቀረው።

አሜሪካ ሆነው ለቤተሰብ ዕቃ ያዘዙ በክሬዲት ካርድ ከፍለው ከሆነ ሌላ በር አለ። የአገሪቱ ሕግ ያልቀረበ ዕቃ ክፍያን በካርዱ ሰጪ ድርጅት በኩል ለመሞገት ይፈቅዳል፤ ማመልከቻው ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ ወርኃዊ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መድረስ አለበት። መድረኩ «ሳምንት ጠብቁ» እያለ እንዳያሳልፍብዎት ቀኑን ምልክት ያድርጉ። በእንዲህ ያለ ትዕዛዝ የከፋዩና የተቀባዩ ስልክ ስለሚለያይ አቤቱታው ላይ ሁለቱም ይጻፉ፤ ካልሆነ ሠራተኛው ደውሎ የሚያገኘው ስለክፍያው የማታውቀውን እናትዎን ነው።

ቅሬታው «ተፈቷል» ተብሎ ከተዘጋና ብሩ ካልገባ አዲስ አይክፈቱ፤ በተዘጋው ላይ መልስ ሲጽፉ ብዙ ስርዓቶች ራሳቸው ይከፍቱታል። ብሩ ገብቶ ከሆነም ትዕዛዙን ከመተግበሪያው ታሪክ ላይ ከማጥፋትዎ በፊት የገባው 6,600 መሆኑን፣ 6,450 አለመሆኑን ይመልከቱ።